«27ኛው ደቂቃ ላይ ይጎተታል»

ራፍ ከት የሚባለው፣ የተመረጡት ትዕይንቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻ እስከ መድረሻ ተያይዘው ታሪክ መምሰል የጀመሩበት የፊልም ቅጂ ነው። ድምፁና ቀለሙ ገና አልተስተካከሉም፤ ሙዚቃውም ብዙ ጊዜ ለጊዜው የተደረበ ነው። የዘጋቢ ፊልም ዳይሬክተር ይህን ቅጂ አይቶ ለኤዲተሩ ከሚጽፈው አስተያየት ከባዱ ክፍል ፍጥነትን የሚመለከተው ነው፤ የት እንደሚጎተት፣ የት እንደሚሮጥ።

የመጀመሪያው እይታ ያለማቋረጥ መሆን አለበት። ቅጂውን እያቆመ የሚጽፍ ዳይሬክተር ሊለካው የተነሣውን ነገር ራሱ ያበላሸዋል፤ መሰልቸት የሚታወቀው ጊዜው ሳይቆራረጥ ሲያልፍ ነውና። ሐሳቡ የሸሸበትን ደቂቃ ብቻ ጫር አድርጎ ያልፋል። በሁለተኛው እይታ ግን እያቆመና እየመለሰ፣ በምስሉ ጥግ የሚነበበውን ታይም ኮድ ይመዘግባል። ታይም ኮድ ሰዓትን፣ ደቂቃን፣ ሴኮንድንና ፍሬምን በተርታ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስለ ፍጥነት ለመጻፍ እስከ ሴኮንዱ ድረስ ያለው ይበቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በድሬዳዋ የድሮው የባቡር ጥገና ክፍል ስለሠሩ ጡረተኞች የሚተርክ፣ ራፍ ከቱ 82 ደቂቃ የሆነ ፊልም አለ እንበል። 27ኛው ደቂቃ ላይ አንድ አዛውንት የቆመ ማሽን ማንሻ ይስባሉ፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ዳይሬክተሩ ቀረጻው ላይ እንባ ይተናነቀው ነበር፤ አሁን ግን ትዕይንቱ ቀዝቅዞበታል። «27ኛው ደቂቃ ይጎተታል፣ አሳጥረው» ብሎ ቢጽፍ ኤዲተሩ ትዕይንቱን ከሦስት ደቂቃ ወደ አንድ ተኩል ያወርደዋል፤ ያኔም ቅዝቃዜው አጥሮ ይቀራል እንጂ አይጠፋም።

ችግሩ ያለው ወደ ኋላ ነው። ከ14ኛው እስከ 20ኛው ደቂቃ የመስመሩ ታሪክ በማኅደር ፎቶዎች ይተረካል፤ ሦስት ሰዎችም ተራ በተራ ሥራው እንደቆመ ይናገራሉ። ተመልካቹ ማሽኑ እንደማይንቀሳቀስ አስቀድሞ ስላወቀ አዛውንቱ ማንሻውን ሲስቡ የሚጠብቀው ነገር የለም። ስለዚህ የተሻለው ማስታወሻ እንዲህ ይሆናል፦ «ከ00:14:10 እስከ 00:20:05፦ ባቡሩ መቆሙን ሦስት ጊዜ ሰማሁ፤ ከሁለተኛው በኋላ ሐሳቤ ሄደ። 00:27:30 ላይ ማንሻው ሲሳብ አልደነገጥኩም፤ አስቀድሜ አውቄዋለሁ። መርዶውን ከማንሻው በኋላ ብንሰማውስ?» ማስታወሻው የተሰማውንና የተጠረጠረውን ምክንያት ይናገራል፤ መፍትሔውን በጥያቄ ይተወዋል። ኤዲተሩ የቃለ መጠይቁን ጥሬ ቅጂ ደጋግሞ ስላየ ዳይሬክተሩ የረሳውን ሌላ መውጫ ሊያውቅ ይችላል።

መሮጥም የፍጥነት ችግር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይታለፋል። ተናጋሪው ቃሉን እንደጨረሰ ምስሉ ከተቆረጠ፣ ከንግግሩ በኋላ ፊቱ ላይ የሚያልፈው ነገር አብሮ ይሄዳል። ድሬዳዋን በመሰለ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በሚነገርበት ከተማ የተቀረጸ ፊልም ደግሞ የግርጌ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ተመልካቹ ጽሑፉን አንብቦ ዓይኑን ወደ ሰውየው ፊት እስኪመልስ ምስሉ መቆየት አለበት። ዳይሬክተሩ ቋንቋውን የሚችል ከሆነ ይህ ጥድፊያ አይሰማውም፤ ቋንቋውን ከማያውቅ ሰው ጋር ተቀምጦ ማየቱ ያጋልጠዋል።

ዝግታ በራሱ ግን ጉድለት አይደለም። ጄሲካ በሽር በሐረር አካባቢ የጫት ሕይወት ላይ የሠራችው «ፋያ ዳዪ» (2021) ሁለት ሰዓት ገደማ በዝግታ ይፈስሳል፤ ያ የፊልሙ ምርጫ ነው። በአስተያየት የሚነሣው ዝግታ ተመልካቹ የሚያየውም ሆነ የሚጠብቀው አዲስ ነገር ያጣበት ነው። አጠራጣሪ ቦታ ሲያጋጥም የተደረበውን ሙዚቃ አጥፍቶ ማየት ይረዳል፤ ሙዚቃ ባዶ ቦታን የሞላ ያስመስላልና። ሙዚቃው ሲጠፋ ትዕይንቱ ከወደቀ ሸክሙን ሙዚቃው ብቻውን ተሸክሞት ነበር ማለት ነው።

አንዳንዱን ጉድለት ቅንብር አይሞላውም። አዛውንቱ ወደ ጥገናው ክፍል ሲገቡ የሚያሳይ ምስል ካልተቀረጸ የተጻፈ አስተያየት አይፈጥረውም፤ ተመልሶ መቅረጽ ወይም ትዕይንቱን በድምፅ ብቻ መጀመር ግድ ይሆናል።

አስተያየቱ ሲላክ የቅጂው ቁጥርና ቀን ከላይ ይጻፋል። የታሪኩ ክፍል ከማንሻው በኋላ ሲዛወር ከ14ኛው ደቂቃ ጀምሮ የታይም ኮዱ ቁጥሮች ይቀያየራሉ፤ የአሮጌው ቅጂ ማስታወሻም በአዲሱ ላይ ሌላ ምስል ይጠቁማል። አዲሱ ቅጂ የሚታየውም የተለወጠው ቦታ ተነጥሎ ሳይሆን እንደገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ማንሻው ማስደንገጥ አለማስደንገጡ የሚታወቀው ከፊቱ ያሉትን 20 ምናምን ደቂቃዎች ተቀምጦ ላሳለፈ ሰው ብቻ ነው።