የ12 ሰው ብልጫ ለውጥ ነው ወይስ አጋጣሚ?

በፌስቡክ ከፍሎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አዘጋጅቶ የትኛው ደንበኛ እንደሚስብ መፈተሽ ይችላል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ገንዘብ የሚያስከስረው የውጤቱ አነባበብ ነው።

ለምሳሌ አንድ የሶፋ ነጋዴ ለበዓል ገበያ ማስታወቂያ 60,000 ብር መድቧል እንበል። አንደኛው ጽሑፍ ዋጋውን ይናገራል፤ ሁለተኛው «እቤትዎ ድረስ በነፃ እናደርሳለን» ይላል። እያንዳንዳቸው ለ2,000 ሰው ታይተው አንደኛውን 30፣ ሁለተኛውን 42 ሰዎች ተጫኑት። ብልጫው 40 በመቶ ነውና ነጋዴው የቀረውን ገንዘብ በሙሉ በሁለተኛው ላይ ለማዋል ይቸኩላል።

ይሁን እንጂ አንዱ ጽሑፍ ራሱ ለሁለት የተለያዩ 2,000 ሰዎች ቢታይ እንኳ የተጫኑት ቁጥር እኩል አይመጣም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ብልጫው አጋጣሚ ከሚያመጣው ይበልጣል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ቀላል ስሌት አለ። የሁለቱን ተጫኞች ይደምሩ፤ በካልኩሌተር የድምሩን ስኩዌር ሩት (√) አውጥተው በ2 ያባዙት። 30 እና 42 ድምሩ 72፣ ስኩዌር ሩቱ 8.5 ገደማ፣ እጥፉ 17 ነው። የተገኘው ልዩነት 12 በመሆኑ ከመስመሩ በታች ነው፤ ገና ምንም አልተረጋገጠም።

ሙከራው ቀጥሎ እያንዳንዳቸው ለ8,000 ሰው ታይተው 120 እና 168 ቢገኝስ? መስመሩ 34 ሲሆን ልዩነቱ 48 ነው። ብልጫው ያው 40 በመቶ ቢሆንም አሁን እምነት ይጣልበታል። ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ቢሆኑ ኖሮ መስመሩን የሚያልፍ ልዩነት በአጋጣሚ የሚመጣው ከ20 ሙከራ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱም ለእኩል ሰው ሲታዩና ተጫኞቹ ከተመልካቾቹ አንጻር ጥቂት ሲሆኑ ነው። ፌስቡክ በራሱ ምርጫ ሲያሰራጭ ለአንዱ ጽሑፍ አድልቶ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ተመልካቹን በዕጣ የሚከፍለውን A/B Test የተባለውን አገልግሎት መጠቀም ይገባል። የሙከራውም ማብቂያ አስቀድሞ ይወሰን። በየቀኑ እያዩ ልዩነቱ መስመሩን ባለፈበት ሰዓት ማቆም አጋጣሚን አሸናፊ ያደርጋል።

በመጨረሻም የተጫነ ሁሉ አይገዛም። ከ120ዎቹ 14፣ ከ168ቱ 11 ሰዎች ሶፋ አዝዘው ከሆነ መስመሩ 10፣ ልዩነቱ 3 ነው። ነጋዴው ነፃ ማድረስ ተመልካች እንደሚስብ አውቋል፤ ገዢ መሳቡን ግን አላወቀም። የማድረሻውን ወጪ ከመሸከሙ በፊት ሊያጣራ የሚገባውም ይህንኑ ነው።