ስምንት ቤት ፈላጊ በአንድ ከሰዓት፦ ከዓረብ አገር ሆኖ የአዲስ አበባን ቤት ማከራየት

በዓረብ አገር ሠርተው አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም የያዙ እህቶች አሉ። ቤቱ ለኪራይ ሲወጣ ባለቤቷ ዱባይ ወይም ኩዌት ናት፤ ቤቱን የሚያሳየው ወንድም፣ እህት ወይም ጎረቤት ነው። ለእሷ የሚደርሳት «ሰው መጥቶ አየው፤ ዋጋው ተወደደበት» የሚል የስልክ ወሬ ነው። ስንት ሰው መጣ? በማን በኩል መጣ? በእርግጥ ያስመለሰው ዋጋው ነው? ይህን ሳታውቅ «እሺ፣ ቀንሱለት» ትላለች።

ይህች ቃል ዛሬ ብዙ ታስከፍላለች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት ይደነግጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አከራይ እንደፈለገ ኪራይ መጨመር አይችልም። ስለዚህ በወር 2,000 ብር የቀነሰች ባለቤት በ24 ወር 48,000 ብር ለቀቀች ማለት ነው። ከመቀነሷ በፊት ቤቱን ያዩት ሰዎች ምን እንዳሉ ማወቅ አለባት፤ ይህንንም የሚያሳውቃት አንድ በደንብ የተያዘ ከሰዓትና አንድ ወረቀት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቤቱ ጀሞ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የተጠየቀው ኪራይ በወር 15,000 ብር ነው እንበል። የምታሳየው ታናሽ እህት ናት፤ ባለቤቷ ሻርጃ ትሠራለች። ሰው በተለያየ ቀን አንድ አንድ እየሆነ ከሚመጣ ሁሉንም እሑድ ከሰዓት ማድረግ ይሻላል። ታናሽ እህት ከሥራዋ አትቀርም፤ ባለቤቷም ስልኳ አጠገብ ትሆናለች። ሰዓት ስትቀጣጠሩ ግን ልብ በሉ፦ ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ባህሬን ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ኤምሬትስና ኦማን ግን በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ።

ከቀኑ 8:00 እስከ 10:40 ድረስ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ተሰጠ፤ ስምንት ሰው ማለት ነው። አሥሩ ደቂቃ ቤቱን ለማየት፣ አምስቱ ለጥያቄ፣ የቀረው ለሚያረፍድና ለመጻፊያ። ከዚህ ቢያጥር አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባና እህት ማንንም በደንብ ሳታናግር ቀኑ ያልቃል። ደላሎች «ሁሉንም አንድ ላይ ላምጣቸው፣ ሲሻሙ ዋጋው ይወጣል» ይሉ ይሆናል። ይህን አልመክርም። አምስት የማይታወቅ ሰው በአንዴ የገባበት ቤት ውስጥ አንዷ ሴት ማንን ትከታተላለች? ለነገሩ በተራም ቢመጡ ብቻዋን መሆን የለባትም። አንድ ዘመድ በረንዳው ላይ ወይም ደረጃው ላይ ይቀመጥ።

የቀጠሮ ትልቁ ችግር መቅረት ነው። «እመጣለሁ» ያለው ሁሉ አይመጣም። መፍትሔው እሑድ ጠዋት ለሁሉም መደወል ነው፤ እስከ 5:00 ሰዓት ያላነሳና መልሶ ያልደወለ ተራው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይህ ቅዳሜውኑ ይነገራቸው፣ ኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ። በምሳሌያችን አንዱ ስልክ አላነሳም፣ ተጠባባቂ ተተካ። ከስምንቱ ስድስቱ መጡ። እንዲህ ባለ ቀን ይህ ጥሩ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ማስመሪያና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ተራ ቁጥር፣ የደረሰበት ሰዓት፣ ስም፣ ስልክ፣ ስንት ሆነው እንደሚኖሩ፣ መቼ መግባት እንደሚፈልጉ፣ በማን በኩል እንደመጡ፣ ፊርማ። ሰውየው ራሱ በእጁ ይጻፈው፤ ስልኩ ትክክል መሆኑ እዚያው ሚስ ኮል ተደርጎ ይታይ። የሁሉንም መታወቂያ ፎቶ ማንሳት ግን አያስፈልግም፤ መታወቂያ የሚጠየቀው ውል ሊፈርም የተመረጠው ነው።

ከሁሉም የሚጠቅመው «በማን በኩል» የሚለው ነው። አንድ ቤት ፈላጊ ሁለት ደላላ ይዞ መዞሩ የተለመደ ነው። ቤቱ ሲከራይ ሁለቱም «የእኔ ሰው ነው» ብለው ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፤ ባለቤቷም ከሩቅ ሆና ማንን እንደምታምን አታውቅም። ደላላው ሰውየውን ባመጣበት ሰዓት በዚያው መስመር ላይ ከፈረመ ክርክሩ አጭር ነው፦ ቀድሞ የፈረመው ይከፈለዋል። የድርሻው መጠንም ከዚያ ቀን በፊት ተነጋግሮ በጽሑፍ ይያዝ። ደግሞ ለሁሉም አስቀድሞ ይነገር፦ በዚያ ቀን ከማንም ቀብድ አይወሰድም።

አስተያየት መሰብሰቡ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚከብደው በይሉኝታችን ነው። «ቤቱን ወደዳችሁት?» ብትሉት «ኧረ በጣም ቆንጆ ነው፣ እንደዋወላለን» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ «አልፈልግም» ማለት ነው። ስለዚህ እህት ሌላ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ «ከዚህ በፊት ካያችኋቸው ቤቶች ይህ በምን ያንሳል?»፣ «ምን ቢስተካከል ትገባላችሁ?»፣ «ያ ከተስተካከለ ስንት ትከፍላላችሁ?» የመጀመሪያው ጥያቄ ቤቱን መንቀፍን ነውር አያደርገውም። መልሱን በፊታቸው አትጻፈው፤ ልክ እንደወጡ፣ ቀጣዩ ሳይመጣ፣ በራሳቸው ቃል ትጻፈው። ማታ ከሆነ ይቀላቀልባታል።

ማታ የወረቀቱ ፎቶ በኢሞ ሻርጃ ደረሰ። ደላላውም ደወለ፦ «ሁሉም ተወደደባቸው፣ 13,000 ካደረግሽው ነገ አስፈርማለሁ።» ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። ከስድስቱ አራቱ በዚህ ደላላ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ማስታወቂያ አይተው ራሳቸው የመጡ። ዋጋ ያነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከደላላው ጋር የመጣ። አንዱ ምንም ቅሬታ አልነበረውም። አራቱ ያሉት ስለ ውሃ ነው፦ ውሃ በሳምንት የሚመጣው ጥቂት ቀን ነው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ግፊቱ ደካማ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ማጠራቀሚያ የለውም። ከአራቱ ሁለቱ የደላላው፣ ሁለቱ ደግሞ በራሳቸው የመጡት ናቸው። በተለያየ መንገድ የመጡና የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ነገር ሲሉ ነገሩ ከቤቱ ነው። አንድ ሰው ብቻ ያለው የራሱ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ደላላው ክፉ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሚለው፤ ለእሱ ዛሬ ያለቀ ሥራ ይሻለዋል፣ የ48,000 ብሩ ጉዳት ደግሞ የእሱ አይደለም።

ባለቤቷ ዋጋውን አልነካችም። ደረጃ የሚወጣ መካከለኛ ሮቶ ከነመግጠሚያው ስንት እንደሚሆን ታናሽ እህት ሰኞ ጠይቃ ነገረቻት፤ ከ48,000 ብር በብዙ ያንሳል። ከዚያ በውሃ ምክንያት ላመነቱት አራቱ ተደወለ፤ ሁለቱ በ15,000 እንገባለን አሉ፣ ምንም ቅሬታ ያልነበረው ደግሞ ሦስተኛ ሆነ። ከሦስቱ ማን ይሻላል የሚለውን ወረቀቱ ላይ ያለው የቤተሰብ ብዛትና የመግቢያ ቀን ይረዳል።

ስድስት ሰው ጥቂት ነው። ስድስቱም የተለያየ ነገር ካሉ ምንም ሳይቀየር ሌላ እሑድ ይደገም። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው በተለያየ መንገድ መጥቶ «ተወዷል» ካለ፣ ያኔ ዋጋውን ማየት ይገባል።

ለመፈረም ታናሽ እህት ውክልና ያስፈልጋታል፤ ይህ በየአገሩ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሚጀመርና አገር ቤትም መረጋገጥ ያለበት ስለሆነ ቤቱ ከመታየቱ ሳምንታት በፊት ይጀመር። በአዋጁ መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ሰዎች ስልክ ውሉ እስኪመዘገብ አይጣል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ለሌላ ደላላ እንዳይደርስ ይቀደድ፤ ደላላው የፈረመበት መስመር ብቻ ድርሻው እስኪከፈል በፎቶ ይቀመጥ።