አምስት ደቂቃ ሲቀር

መጀመሪያ ጥያቄው ይኸውላችሁ፦

«የአንድ ጫማ ዋጋ 20 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት 960 ብር ሆነ። ከቅናሹ በፊት ዋጋው ስንት ነበር?»

ኤ) 768
ቢ) 980
ሲ) 1,152
ዲ) 1,200

ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት ሞክሩት።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተን እንዲህ ያለ ጥያቄ ደርሶት ነበር። የ960 ብር 20 በመቶ 192 ነው፤ 960 ላይ ሲደመር 1,152 ይመጣል። ምርጫዎቹን ሲያይ 1,152 ሲ ላይ ቁጭ ብሏል። ደስ አለው፤ አጠቆረና አለፈ።

ፈታኟ «አምስት ደቂቃ ቀርቷል» ሲሉ ሁሉንም ጨርሶ ነበር። እንደገና ማየት የጀመረው ሁለት ጥያቄዎችን ነው፤ ይኼን እና ከጎኑ ምልክት አድርጎበት የነበረውን አንድ የጂኦሜትሪ ጥያቄ።

ጫማውን በመጀመሪያው መንገድ ደግሞ ሠራው። 192፣ ከዚያ 1,152። ልክ ነው! ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔም ሒሳብ ሳስተምር በየዓመቱ የማየው ይኼንኑ ነው። ማባዛቱም መደመሩም ትክክል ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ ቢሠራው አሥር ጊዜ 1,152 ይወጣል። ስህተቱ ያለው ከስሌቱ በፊት፣ «20 በመቶው የምን 20 በመቶ ነው?» በሚለው ላይ ነው። በተሄደበት መንገድ መመለስ እዚያ አያደርስም።

ልጁን ያዳነው ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው። መልሱን ይዞ ወደ ጥያቄው ተመለሰ። «ጫማው መጀመሪያ 1,152 ብር ከነበረ፣ 20 በመቶ ሲቀነስለት 960 ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። የ1,152 አንድ አምስተኛ 230 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። ሲቀነስ የሚቀረው 921 ብር ከ60 ሳንቲም ነው፤ 960 አይደለም። ጥያቄው ራሱ መልሱን አልቀበልም አለው።

ምክንያቱን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ የቀነሰው ከድሮው ዋጋ ላይ እንጂ ከ960 ላይ አይደለም። ስለዚህ 960 የድሮው ዋጋ 80 በመቶ፣ ማለትም አራት አምስተኛው ነው። ለአራት ሲካፈል አንዱ አምስተኛ 240 ይሆናል፤ አምስቱ ደግሞ 1,200። ይኼንንም መልሶ ፈተነው፤ ከ1,200 ላይ 240 ሲነሳ 960። ሲን በላጲስ ጥላው እስኪጠፋ አጥፍቶ ዲን አጠቆረ። ደህና አድርጎ ማጥፋቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የሚያርመው ማሽን በአንድ ጥያቄ ሁለት የጠቆረ ካየ መልሱን ላይቆጥረው ይችላል።

የተሳሳተው መልሱ ከምርጫዎቹ መካከል የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ጥያቄ አውጪ የተማሪን ስህተት አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጣል። 768 ከ960 ላይ እንደገና ለሚቀንስ ነው፤ 980 በመቶኛውን ብር አድርጎ 20 ለሚደምር፤ 1,152 ደግሞ የእህቴን ልጅ ለመሰለ። «መልሴን ምርጫው ውስጥ አገኘሁት» ማለት ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው።

«የመጀመሪያ መልስህን አትቀይር» የሚለው ምክር በየትምህርት ቤቱ አለ፤ እኔ አልስማማበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ከ1,500 በላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት የላጲስ ምልክት ቆጥረው ነበር። ከተቀየሩት መልሶች 51 በመቶው ከስህተት ወደ ልክ የሄዱ ሲሆን፣ ከልክ ወደ ስህተት የሄዱት 25 በመቶ ናቸው፤ የቀሩት ከስህተት ወደ ሌላ ስህተት ነው። ምክሩ ግን አይሞትም፤ ልክ የነበረውን ቀይረን ስንሳሳት ቁጭቱ ለዓመታት አብሮን ይኖራል፣ ቀይረን ያገኘነውን ግን ወዲያው እንረሳዋለን።

ይህ ማለት ግን የጠረጠራችሁትን ሁሉ ቀይሩ ማለት አይደለም። መልሱን ጥያቄው ውስጥ መልሶ መክተትም ሁልጊዜ አይሆንም። ዋጋ፣ ዕድሜ፣ ያልታወቀ ቁጥር ላይ ግሩም ነው፤ የንድፈ ሐሳብ ትርጉም ሲጠየቅ ግን የምትከቱት ቁጥር የለም።

ቤት ሲመጣ ታዲያ ስለ ጂኦሜትሪው ጠየቅሁት።

«እሱንስ ቀየርከው?»

«አይ፣ አልነካሁትም አጎቴ» አለኝ። «መልሱ ደስ አላለኝም እንጂ ስህተቱን ፈልጌ አላገኘሁትም።»