ደካማ ኔትወርክ ፎቶ ያዘገያል እንጂ አያደበዝዝም

ከአገር ቤት የተላከ የልደት ሰርተፍኬት ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ደርሶ ማህተሙ የማይነበብ ከሆነ፣ ጥፋቱ ወዲያው የሚጣለው ኔትወርኩ ላይ ነው። ላኪው «እዚህ ኔትወርክ ደካማ ነው» ይላል፣ ተቀባዩም ያምነዋል። ደካማ ኔትወርክ ግን ፎቶን ያዘገያል ወይም መላኩን ያቋርጣል እንጂ በመንገድ ላይ አያደበዝዘውም። ፋይል በኢንተርኔት የሚጓዘው ተቆራርጦ ነው፤ ከቁራጮቹ አንዱ ቢጠፋ ያው ቁራጭ እንደገና ይላካል። ስለዚህ ፎቶው ወይ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል፣ ወይ ጨርሶ አይደርስም። ጥራቱ የሚቀነሰው ገና ከመላኩ በፊት፣ ላኪው ስልክ ውስጥ ነው። ያንኑ ፎቶ በዚያው ቅንብር በፈጣን ዋይፋይ ቢልኩትም ደብዝዞ ይደርሳል።

እምነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ዋትሳፕ ላይ ፎቶው ገና ሳይወርድ የሚታየው ብዥታ ከመልእክቱ ጋር ቀድሞ የሚደርስ በጣም ትንሽ ናሙና ነው። ኔትወርኩ ሲዘገይ ናሙናው ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ዓይንም ዋናው ፎቶ ይመስለዋል። ወርዶ ካለቀ በኋላም ካልጠራ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

ሰርተፍኬቱን እንውሰድ። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ በረጅሙ ጎኑ 4000፣ በአጭሩ 3000 ፒክስል አለው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል፤ ከ12 ሚሊዮን ፒክስል የሚተርፈው 1.2 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ኤ4 ወረቀት ፎቶውን ሙሉ በሙሉ ቢሞላው እንኳ፣ 3 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል በዋናው ፎቶ 40 ፒክስል ያህል ሲኖረው በተላከው 13 ብቻ ይኖረዋል። ማህተም ላይ ያለ የ1.5 ሚሊሜትር ጽሑፍ ደግሞ ወደ 6 ይወርዳል። የግዕዝ ፊደልን ይህ ይጎዳዋል፤ ለ፣ ሉ እና ሊ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነውና፣ ቅጥያዋ ከአንድ ፒክስል ካነሰች አንባቢው ስሙን በግምት ነው የሚያነበው። ይህ ለመዝናኛ ፎቶ ምንም አይደለም፤ ለሰነድ ግን ከባድ ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዳታ መቆጠቢያው ነው። አንድሮይድ ላይ ያለው Data Saver ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ዳታ ይገድባል እንጂ ፎቶ አይጨምቅም። ስለዚህ እሱን አጥፍቶ ሰነዱን በዚያው መንገድ መላክ ምንም አይለውጥም። መነካት ያለበት የመተግበሪያው የራሱ ቅንብር ነው፦ ዋትሳፕ ላይ Storage and data ውስጥ ያለው Media upload quality፣ ወይም ሲልኩ የሚመረጠው HD፤ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ፎቶውን File ብሎ መላክ።

«ቪዲዮ ግን ኔትወርክ ሲደክም ሲደበዝዝ በዓይናችን እናያለን» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ዩቲዩብ አንዱን ቪዲዮ በተለያየ ጥራት አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፣ የግንኙነቱን ፍጥነት እያየም ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ጥራቱን ይለዋውጣል። የቪዲዮ ጥሪም ምስሉ እንዳይቋረጥ ጥራቱን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ፍጥነትም፣ የመተግበሪያው ዳታ መቆጠቢያም ጥራትን በቀጥታ ይወስናሉ። በመልእክት የተላከ ቪዲዮ ግን እንደ ፎቶው ነው፤ ተጨምቆ ከተላከ በኋላ ተቀባዩ የፈለገ ፈጣን ኔትወርክ ቢኖረውም አይጠራም።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የዋጋና የጊዜ ነው። በሰከንድ 500 ኪሎቢት በሚልክ ግንኙነት 4 ሜጋባይት የሆነ ዋና ፎቶ ከ1 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ የተጨመቀው 200 ኪሎባይት ግን 3 ሰከንድ ያህል ነው። ሁሉን ነገር በሙሉ ጥራት መላክ ለደካማ ኔትወርክ መፍትሔ አይሆንም፤ መጭመቁም ያለ ምክንያት አልመጣም። ግን መሃል መንገድ አለ፦ ከመላክ በፊት መቁረጥ። ማህተሙና ፊርማው ያሉበት ክፍል ብቻ ተቆርጦ 1000 በ1000 ፒክስል ቢሆን፣ ከ1280 ስለሚያንስ ቴሌግራም አያሳንሰውም። ጥቂት ቢጨመቅም ፊደሉ ፒክስሉን ይዞ ይደርሳል፣ ዳታውም ብዙ አይበላም። ሙሉውን ገጽ በተለመደው መንገድ፣ ማህተሙን ለብቻው ቆርጦ መላክ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ተቀባዩ ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍቶ መጠኑን ይይ። ቴሌግራም ላይ ረጅሙ ጎን ልክ 1280 ከሆነ ፎቶው ሲላክ ተቀንሷል ማለት ነው፤ ደጋግሞ ማውረድም ዋይፋይ መቀየርም አያድሰውም፣ ላኪው ከዋናው ፎቶ እንደገና ይላክለት። ወደ 4000 የተጠጋ ሆኖ ካልጠራ ደግሞ ካሜራው ሲያነሳ እጅ ተንቀጥቅጧል ወይም ትኩረቱ ስቷል፤ ያኔ ወረቀቱ በጥሩ ብርሃን ዳግም ይነሳ።