የገጽ ሠንጠረዥ፦ አድራሻ እንዴት ይተረጎማል፣ ስንትስ ቦታ ይይዛል?

በአንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች ሁለቱም 0x00403A7C በሚባል አድራሻ ላይ ሊጽፉ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ግን አያበላሽም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አድራሻ ምናባዊ ስለሆነ ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን አድራሻ ባገኘ ቁጥር ወደ እውነተኛው የራም አድራሻ ይተረጉመዋል። ለትርጉሙ የሚጠቀምበት መዝገብ የገጽ ሠንጠረዥ ይባላል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አለው።

ይህ ርዕስ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ተማሪዎችን በብዛት የሚያደናግር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗልና፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያጠና ሰው ስሌቱን በእጁ መሥራት ቢችል ይጠቅመዋል። ቀመሩን ከመሸምደድ ይልቅ አንድ አድራሻ ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል ይሻላል። እኛም እንደዚያው እናድርግ።

ምሳሌያችን ኢንቴል በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው 80386 ፕሮሰሰር የተጀመረው ባለ 32 ቢት አሠራር ነው። ማህደረ ትውስታው በ4 ኪሎባይት ማለትም በ4096 ባይት ገጾች ተከፍሏል። 4096 ማለት 2^12 ስለሆነ፣ በአንድ ገጽ ውስጥ የትኛው ባይት እንደተፈለገ ለመጠቆም 12 ቢት ይበቃል። ይህ ክፍል ኦፍሴት ይባላል። የቀሩት 20 ቢቶች የገጹን ቁጥር ይነግራሉ፤ ሠንጠረዡ ባለ ሁለት ደረጃ ስለሆነ እነሱም አሥር አሥር ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ። የእኛ አድራሻ ሲከፈል እንዲህ ይሆናል፦

```
0x00403A7C
0000000001 | 0000000011 | 101001111100
     1     |     3      |    0xA7C
```

የመጀመሪያው ቁጥር 1 የላይኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ መስመር ቁጥር ነው። ሁለተኛው ቁጥር 3 በታችኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን መስመር ያመለክታል። 0xA7C ኦፍሴቱ ነው።

ፕሮሰሰሩ የላይኛው ሠንጠረዥ የት እንደሚጀምር `CR3` በተባለ ሬጅስተር ይዟል። 0x00030000 ላይ ይጀምራል እንበል። እያንዳንዱ መስመር 4 ባይት ስለሆነ መስመር 1 የሚገኘው 0x00030004 ላይ ነው። እዚያ የተጻፈው 0x00051007 ነው ብለን እንውሰድ። የመጨረሻዎቹ ሦስት የሄክሳዴሲማል አሃዞች፣ 007፣ የአድራሻው አካል አይደሉም፤ ገጹ በራም ውስጥ መኖሩን፣ ሊጻፍበት መቻሉን፣ ተራ ፕሮግራም ሊነካው መፈቀዱን የሚገልጹ ምልክቶች ናቸው። እነሱን በዜሮ ስንተካ 0x00051000 ይቀራል፤ የታችኛው ሠንጠረዥ መጀመሪያ ይህ ነው።

አሁን መስመር 3ን እንፈልግ፦ 3 × 4 = 12፣ በሄክሳዴሲማል 0xC። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ 0x0005100C ላይ ያነባል። እዚያ 0x001F2007 ካገኘ ምልክቶቹን ትቶ 0x001F2000 ይወስዳል፣ ኦፍሴቱን ይጨምርበታል፤ እውነተኛው አድራሻ 0x001F2A7C ይሆናል።

ፈተና ላይ መልስህን የምታረጋግጥበት ቀላል መንገድ አለ። ገጹ 4 ኪሎባይት እስከሆነ ድረስ የምናባዊውና የእውነተኛው አድራሻ የመጨረሻ ሦስት የሄክሳዴሲማል አሃዞች አንድ መሆን አለባቸው፤ እዚህም ሁለቱ በA7C ያልቃሉ። ካልተመሳሰሉ የመስመሩን ምልክቶች ሳታጠፋ ደምረሃል፣ ወይም ቢቶቹን ስትከፍል ተዛንፈሃል።

ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ «በራም ውስጥ አለ» የሚለው ምልክት ዜሮ ቢሆን ትርጉሙ እዚያው ይቆማል። ፕሮሰሰሩ ጉዳዩን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። ገጹ ዲስክ ላይ ከሆነ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ቦታ ከነካ ግን ይገደላል። ሊኑክስ ላይ `Segmentation fault` የሚለው መልእክት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሠንጠረዡ ለምን ሁለት ደረጃ ኖረው? መልሱ በመጠን ስሌት ውስጥ ነው። ሠንጠረዡ አንድ ደረጃ ብቻ ቢሆን ለ2^20 ገጾች 2^20 መስመር ያስፈልገዋል፤ በ4 ባይት ሲባዛ 4 ሜጋባይት ነው። ፕሮግራሙ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ቢጠቀም እንኳ ይህን ሁሉ መያዝ አለበት። መቶ ፕሮግራም ሲሠራ ለሠንጠረዥ ብቻ 400 ሜጋባይት ይሄዳል።

በሁለት ደረጃ ግን የላይኛው ሠንጠረዥ 1024 መስመር አለው፤ በ4 ባይት 4 ኪሎባይት፣ ልክ አንድ ገጽ ነው። እያንዳንዱ የታችኛው ሠንጠረዥም እንዲሁ አንድ ገጽ ሲሆን 1024 × 4 ኪሎባይት፣ ማለትም 4 ሜጋባይት ይሸፍናል። ቁም ነገሩ ፕሮግራሙ ላልነካው 4 ሜጋባይት የታችኛው ሠንጠረዥ ጭራሽ አለመፈጠሩ ነው፤ የላይኛው መስመር ባዶ ይሆናል፣ አበቃ።

አንድ ፕሮግራም ከአድራሻ 0 ጀምሮ 12 ሜጋባይት ኮድና ዳታ፣ ከአድራሻው ጫፍ ደግሞ 1 ሜጋባይት ስታክ አለው እንበል። ለ12 ሜጋባይቱ ሦስት የታችኛው ሠንጠረዥ፣ ለስታኩ አንድ፣ በላያቸው አንድ የላይኛው፤ በድምሩ አምስት ገጽ፣ 20 ኪሎባይት። ተማሪዎች በብዛት የሚረሱት የመጨረሻውን የላይኛውን ሠንጠረዥ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው የመነሻ አድራሻ ነው። ያው 12 ሜጋባይት ከ0 ሳይሆን ከ2 ሜጋባይት ላይ ቢጀምር እስከ 14 ይደርሳል፤ አራት የ4 ሜጋባይት ክልሎችን ስለሚነካ አራት የታችኛው ሠንጠረዥ ይፈልጋል፣ ድምሩም 24 ኪሎባይት ይሆናል። መጠኑን ለ4 ማካፈል ብቻውን አይበቃም፤ የትኞቹ ክልሎች እንደተነኩ መቁጠር ያስፈልጋል። ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ በየ4 ሜጋባይቱ አንዲት ገጽ ብቻ ቢነካ 1024ቱም ሠንጠረዦች ይፈጠራሉ፤ መጠኑ 4 ሜጋባይት ከ4 ኪሎባይት ደርሶ ከአንዱ ደረጃ ይበልጣል። ቁጠባው የሚገኘው አድራሻዎቹ ሲጠጋጉ ብቻ ነው።

ባለ 64 ቢት መሣሪያ ላይ መስመሩ 8 ባይት ስለሚሆን በአንድ ባለ 4 ኪሎባይት ሠንጠረዥ የሚገባው 512 መስመር ነው፤ ለአንድ ደረጃ 9 ቢት ማለት ነው። በሰው ኪስ ካሉት አንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ ለፕሮግራም የሚሰጡት ምናባዊ አድራሻ 39 ቢት ነው። 12ቱን ለኦፍሴት ስንቀንስ 27 ይቀራል፤ በ9 ሲካፈል ሦስት ደረጃ። በአንድ ደረጃ ቢሠራ 2^27 × 8፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም 1 ጊጋባይት ሠንጠረዥ ይጠይቅ ነበር፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ አራት ፕሮግራሞች ብቻ ራሙን ሁሉ ይጨርሱታል። በሦስት ደረጃ አንድ ገጽ ብቻ የነካ ፕሮግራም የሚይዘው ሦስት ሠንጠረዥ፣ 12 ኪሎባይት ነው።

ዋጋው ጊዜ ነው። አንድ ዳታ ለማንበብ በሦስት ደረጃ በቅድሚያ ሦስት የሠንጠረዥ ንባብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በቅርብ የተረጎማቸውን አድራሻዎች ቲኤልቢ በሚባል አነስተኛ ማከማቻ ውስጥ ይይዛል፤ አድራሻው እዚያ ከተገኘ ሠንጠረዦቹን መንካት አይኖርበትም።

ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ያለው አንባቢ ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል፦

```
getconf PAGE_SIZE
grep VmPTE /proc/self/status
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ የገጹን መጠን በባይት ይሰጣል። ሁለተኛው ያን ጊዜ የሚሠራው ፕሮግራም ሠንጠረዦች ስንት ኪሎባይት እንደያዙ ያሳያል፤ ከሁሉ በላይ ያለው አንዱ ሠንጠረዥ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ ስለማይገባ ከራስህ ስሌት ጋር ስታስተያይ እሱን ጨምርበት።