ጠባብ የሴቶች ጠጉር ቤት ብዙ ደንበኞችን ሊያስተናግድ የሚችልበት አቀማመጥ

በቅዳሜ ቀን ወይም በበዓል ዋዜማ ወደ አንድ የአዲስ አበባ ጠጉር ቤት የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ ራሳቸውን በፎጣ የጠመጠሙ ደንበኞች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከሠራተኞቹ ግን አንዳንዶቹ ደንበኛቸው በካስክ ሥር ሆና እስክትደርቅ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ባለቤቲቱም ይህን አይታ «ቤቱ ጠበበኝ፤ አንድ ወንበር ልጨምር» ትላለች። ነገር ግን ችግሩ ከወንበር ማነስ የመጣ ካልሆነ፣ የተጨመረው ወንበር መተላለፊያውን ከማጥበብ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ነገሩን ለመረዳት አንዲት ደንበኛ ታጥባና በቢጉዲን ተጠቅልላ እስክትወጣ ድረስ ጊዜዋ በምን በምን እንደሚያልፍ መቁጠር ይገባል። ማጠቡ 15 ደቂቃ፣ መጠቅለሉ 25፣ በካስክ ማድረቁ 45፣ ቢጉዲኑን ፈትቶ ማበጠሩ 20 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ካስኩ በየወንበሩ አጠገብ የቆመ እንደ ሆነ፣ ደንበኛዋ ከመጠቅለል ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከዚያው ስለማትነሣ አንዱ ወንበር 90 ደቂቃ ይያዛል። ካስኩ ግን የራሱ ቦታ ተሰጥቶት ደንበኛዋ ወደዚያ ብትዛወር፣ ወንበሩ የሚያዘው 45 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በፊተኛው አኳኋን 4 ወንበሮች በ3 ሰዓት ውስጥ 8 ደንበኞችን ሲያስተናግዱ፣ በሁለተኛው 3 ወንበሮች ብቻ 12 ደንበኞችን ሊያስተናግዱ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህም ሒሳብ ለሌላው ዕቃ መጠን መነሻ ይሆናል። 3ቱ ወንበሮች በየ15 ደቂቃው አንዲት ደንበኛ የሚያሰናብቱ ከሆነ፣ 15 ደቂቃ ለሚፈጀው እጥበት 1 ገንዳ፣ 45 ደቂቃ ለሚፈጀው ማድረቅ ደግሞ 3 ካስኮች ይበቃሉ። የሠራተኛም ቁጥር አይጨምርም፤ ቀድሞ በ4 ወንበሮች የሠሩት 4 ሠራተኞች፣ 3ቱ በወንበር፣ አንዷ በገንዳ ይመደባሉ። እርግጥ ነው፣ በሥራ ላይ መዘግየት አይቀርምና ቁጥሩ እንደ ወረቀቱ አይሞላም።

አሁን ይህን ወደ ክፍሉ ልክ እንመልሰው። ክፍላችን 4 ሜትር ወርድና 6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሩ በጠባቡ ግድግዳ መካከል የሆነ፣ የውሃው ቧንቧም በስተኋላ በቀኝ ማዕዘን የሚገኝ ነው እንበል። ብዙዎች በእንደዚህ ያለ ክፍል ወንበሮቹን በግራና በቀኝ ግድግዳ ፊት ለፊት ያሰልፏቸዋል። ይሁን እንጂ ከመስተዋቱ ጀምሮ መደርደሪያው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ወንበሩ ከነደንበኛዋ እግር 1 ሜትር ከ10፣ ከኋላዋ የምትቆመው ሠራተኛ 60 ሳንቲ ሜትር ይወስዳሉ፤ ድምሩ 2 ሜትር ነው። ከሁለቱም ወገን 2 ሜትር ሲወሰድ ከ4 ሜትሩ ለመተላለፊያ የሚቀር ምንም የለም። ታጥባ የምትመለሰው ደንበኛም በሁለት ሠራተኞች ጀርባ መካከል እየተጋፋች፣ ውሃ እያንጠባጠበች ታልፋለች፤ የጋለ ፔስትራ የያዘች ሠራተኛም ክንዷን በተነካች ቁጥር ደንበኛዋን ለማቃጠል ትቃረባለች።

ከዚህ ይልቅ 3ቱን ወንበሮች በግራ ግድግዳ ብቻ ማሰለፍ ይሻላል። ከአንዱ ወንበር መካከል እስከ ሌላው መካከል 1 ሜትር ተኩል ቢሰጥ፣ ከኋላ ጀምሮ 4 ሜትር ተኩል ይይዛሉ። በቀኙ ግድግዳ ከበሩ ወደ ውስጥ ሲኬድ በመጀመሪያ የመጠበቂያ አግዳሚ ወንበርና ገንዘብ መቀበያው በ1 ሜትር ከ80፣ ቀጥሎ 3ቱ ካስኮች እያንዳንዳቸው በ80 ሳንቲ ሜትር፣ በመጨረሻም ማጠቢያው ገንዳ ለአጣቢዋ ከሚያስፈልገው መቆሚያ ጋር በ1 ሜትር ከ80 ይቀመጣሉ። ካስኮቹ ከግድግዳው 1 ሜትር ከ10 ቢወጡም፣ በመካከሉ 90 ሳንቲ ሜትር ነጻ መተላለፊያ ይተርፋል። ደንበኛዋም ከገንዳው ወደ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ወዳለው ካስክ፣ ከዚያም ተመልሳ ወደ ወንበር፣ በመጨረሻ ወደ በሩ ስትሄድ ረጅም መንገድ አይጠብቃትም።

በግራ በኩል በመስኮቱ ሥር የቀረው 1 ሜትር ተኩል ለሹሩባ ሠሪዋ ነው። ሹሩባ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሆኖም ከዱካ፣ ከሠሪዋ መቀመጫና ከጥሩ ብርሃን በቀር መስተዋትም፣ ኤሌክትሪክም፣ የሚሽከረከር ወንበርም አይፈልግም። ስለዚህ የሹሩባ ደንበኛ በመስተዋት ፊት እንድትቀመጥ መፍቀድ፣ ሁለት ደንበኞች ሊሠሩበት የሚችለውን ወንበር ለአንዲት መስጠት ነው።

ገንዳውን በተመለከተ፣ የክፍሉ ሥዕል ሁልጊዜ ከፍሳሹ ቧንቧ መጀመር አለበት። የፍሳሹ ቧንቧ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ ስላለበት፣ ገንዳው ከቧንቧው በራቀ ቁጥር ወለል መቆፈር ወይም ገንዳውን ከፍ ማድረግ ግዴታ ይሆናል፤ ይህም በኪራይ ቤት የማይመለስ ወጪ ነው። ኤሌክትሪኩም ቢሆን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። አንድ ካስክ 1000 ዋት ያህል፣ አንድ ፎን ደግሞ እስከ 2000 ዋት ስለሚስብ፣ ሁሉም በአንድ ማከፋፈያ ሲሰኩ ቆጣሪው ይዘልላል ወይም ሽቦው ይግላል። የካስኮቹ መስመር ከወንበሮቹ መስመር ተለይቶ፣ ሶኬቱም በየቦታው ግድግዳ ላይ ሆኖ፣ አንድም ገመድ መተላለፊያውን እንዳያቋርጥ ባለሙያ ይሥራው።

ይህ አሠራር አንድ ልማድ መተውን ይጠይቃል። ይኸውም «ይህ ወንበር የእኔ ነው» የሚለው የሠራተኞች ልማድ ነው። ከካስክ የተነሣችው ደንበኛ ባገኘችው ባዶ ወንበር መቀመጥ አለባት፤ የምታምናት ሠራተኛም ወደ እርሷ ትመጣለች። ስለዚህ ማበጠሪያ፣ ብሩሽና ቢጉዲን በመደርደሪያ ሳይሆን፣ እያንዳንዷ ሠራተኛ ይዛው በምትሄደው ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ይቀመጥ። ይህ ካልሆነ አንዱ ወንበር ባዶ ሳለ ሁለት ደንበኞች አንዱን ሲጠብቁ ይታያል።

አቀማመጡ ልክ መሆኑን ለማወቅ በአንድ ቅዳሜ የሚጠብቁትን ሰዎች ራስ መመልከት ይበቃል። ደረቅ ጠጉር ያላቸው ደንበኞች እየጠበቁ ወንበር ባዶ ከሆነ መሰናክሉ ገንዳው ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ትሪትመንት የተቀባች ደንበኛ መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ከገንዳው ሳትነሣ ስትቀር ነውና፣ በፎጣ ተጠምጥማ በአግዳሚው ላይ ትቆይ። ቢጉዲን የተጠቀለሉት ከጠበቁ ካስክ አንሷል። እርጥብ ራስ ያላቸው ከጠበቁ ግን ያን ጊዜ በእውነት ወንበር ጎድሏል። ደንበኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ፎን ብቻ የሚፈልጉበት ቤት ደግሞ ለካስክ ይህን ያህል ቦታ መስጠት ስለማያስፈልገው፣ ደቂቃውን በራሱ ሥራ ልክ መቁጠር አለበት።

ስለዚህ ቧንቧ ሠሪና አናጢ ከመጠራታቸው በፊት፣ ባለቤቲቱ የዕቃዎቹን ልክ በወለሉ ላይ በጠመኔ ትሳል፤ ሠራተኞቿም ከነጋሪያቸው በመስመሮቹ መካከል ይመላለሱ። በጠመኔ የተሠራ ስሕተት በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል፤ በሲሚንቶ የተሠራው ግን ከቤቱ ኪራይ ጋር በየወሩ ይከፈላል።