የጣና ጭቃ ስለ ጥንቱ ዝናም ምን ይመሰክራል?

የውሃ ጕድጓድ የቆፈረ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው መሬት የተደራረበ ነው። ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከዚያም አሸዋ ወይም ደረቅ ሸክላ ይገኛል። የሐይቅም ወለል እንደዚሁ ነው። በየክረምቱ ጎርፍ ያመጣው ደለል ባለፈው ዓመት ደለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የታችኛው የቀደመ፣ የላይኛው የኋለኛ ነው። ሊቃውንት የዝናም መለኪያ ያልነበረበትን ዘመን የአየር ጠባይ የሚያውቁት ይህን ድርብርብ በማንበብ ነው።

በጣና ሐይቅ የተደረገው ምርመራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ውጤቱ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ነው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ከጀልባ ላይ ድምፅ ወደ ሐይቁ ወለል ላኩ። ድምፁ ለስላሳውን ጭቃ አልፎ ጠንካራ ንጣፍ ሲያገኝ በርትቶ ይመለሳል። በዚህም መንገድ ከጭቃው በታች የተቀበረ ጠንካራ ወለልና በላዩም ላይ ወንዝ የቦረቦረው የሚመስል ቦይ አገኙ። ቀጥሎም ሐይቁ በሚጠልቅበት ስፍራ ቱቦ ወደ ወለሉ አስገብተው አሥር ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጭቃ ዓምድ አወጡ።

ዓምዱ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሁሉ በታች ደርቆ የጠነከረ ደለል አለ። በላዩ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ቅሪት ይገኛል፤ ዕድሜውም ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት ገደማ ነው። ደንገል በጥልቅ ውሃ መካከል ሥር ሰድዶ አይበቅልም፤ ስለዚህ ዛሬ የሐይቁ እምብርት የሆነው ቦታ አስቀድሞ ደርቆ ነበር፣ ኋላም ረግረግ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ጨዋማ ውሃ የሚወዱ፣ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታዩ፣ ዳያተም የሚባሉ የውሃ ዕፅዋት ዛጎሎች ይገኛሉ። መውጫ የሌለው ሐይቅ ውሃው ሲተን ጨው ይቀርበታል፤ የሻላና የአብያታ ሐይቆች ጨዋማነት ከዚህ የተነሣ ነው። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ግን እነዚህ ዳያተሞች በድንገት ጠፍተው ጨው አልባ ውሃ የሚወዱት ተተኩ። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ደረቅ ዘመን ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣ ውሃ አልነበረም።

የደንገሉ ዕድሜ እንዴት ታወቀ? ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር ጥቂት ራዲዮካርቦን ይወስዳል። ከሞተ በኋላ ይህ በ5,730 ዓመት በግማሽ፣ በ11,460 ዓመት ወደ ሩብ ይቀንሳል። የቀረውን በመለካት ዕድሜው ይሰላል። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ራዲዮካርቦን በየዘመኑ እኩል አልነበረም፤ ሂሳቡ ካልታረመ እንዲህ ያለ አሮጌ ደንገል ከእውነተኛ ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ ወጣት መስሎ ይታያል። ማረሚያው የተገኘው ከዛፍ ነው። በአውሮፓ የዛፎችን ዓመታዊ ቀለበቶች አንዱን ግንድ ከሌላው ጋር በማያያዝ ከ12,000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቈጥረዋል፤ የእያንዳንዱ ቀለበት ዕድሜ ስለሚታወቅ ራዲዮካርቦኑ ከእርሱ ጋር ይመዛዘናል። ከዚያ ለሚቀድመው ዘመን በጃፓን በሱይገትሱ ሐይቅ በየዓመቱ የተነባበረው ስስ ጭቃ ያግዛል።

በረዶም ሌላ ምስክር ነው። በግሪንላንድ የወረደው በረዶ በየዓመቱ ስለሚነባበር ይቈጠራል፤ በውስጡ ያለው የከባድና የቀላል ኦክስጅን መጠንም ብርዱን ያመለክታል። እዚያ ከ14,700 ዓመት ገደማ በፊት ድንገተኛ ሙቀት መጥቷል። ይህ ጣና ሞልቶ ከፈሰሰበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል።

ስሕተት ግን ሊገባ ይችላል። ጎርፍ ከተራራ ያጠበው አሮጌ ቅሪት ንጣፉን ካለ ዕድሜው ያስረጀዋል፤ ከላይ የወረደ ሥር ደግሞ ያስወጣዋል። የታችኛው ከላይኛው ወጣት ሆኖ ከተገኘ አንድ ነገር እንደ ተዛባ ይታወቃል። በእኛ ጥድም ላይ የቀለበት ቈጠራ ጥንቃቄ ይሻል፤ በልግና ክረምት በሚዘንብበት አገር ጥዱ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ስለሚችል፣ አንዱን ግንድ ብቻ የቈጠረ ሰው ዕድሜውን ያበዛዋል። ስለዚህ የብዙ ዛፎች ቀለበት ይነጻጸራል።

በመጨረሻም የጭቃውን ወሰን እንወቅ። አሥር ሜትር ጭቃ ለ16,700 ዓመት ሲካፈል አንድ ሴንቲ ሜትር የ17 ዓመት ያህል ዘመን ይይዛል። ስለዚህ ጭቃው የብዙ መቶ ዓመት ድርቅን ያሳያል እንጂ የአንድ ዓመት ድርቅን አይለይም፤ እርሱን ከዛፍ ቀለበት መፈለግ ነው።